ለትርንጎ ልደት የላክሁት መልእክት

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 9፣ ከሰዓት በኋላ

ዛሬ የጓደኛዬ የትርንጎ ልደት ነው። ከወለደች ገና ወር አልሞላትም። ጠዋት «እንኳን ተወለድሽ፤ እናትነት እንዴት አምሮብሻል» ብዬ ጻፍኩና ሳልልከው አጠፋሁት። ባለፈው ስጠይቃት ልጁ ተኝቶ እንኳ እሷ ዓይኗን አልከደነችም። ሰው ሁሉ ገንፎውን ቀምሶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሏት ይወጣል፤ እንቅልፍ አገኘሽ ወይ የሚላት የለም።

ስለዚህ እንዲህ ብዬ ላክሁላት፦ «ትርንጎዬ፣ እንኳን ተወለድሽ። ድካምሽን አይቻለሁ። ስለደከመሽ ልጅሽን አትወጂውም ማለት አይደለም። ነገ መጥቼ እሱን እይዝልሻለሁ፣ አንቺ ትተኛለሽ። መልስ ለመጻፍ አትድከሚ።»

ወዲያው አነበበችው። መልስ አትጻፊ ያልኳት ራሴ ነኝ፣ ግን መጠበቅ አላስቻለኝም። አጠገቧ ማን እንዳለ ልጠይቅ ብዬ ለእናቷ ደወልኩ።

«እኔማ ባሏ አለ ብዬ ለአጨዳ ወደ ገጠር፣ ሮብ ገበያ ገባሁ» አሉኝ።

ለባሏ ብደውል እሱም እናቷ አብረዋት አሉ ብሎ ለሥራ ባሕር ዳር ሄዷል። አራስ ብቻዋን ቤት ውስጥ።

ይህን ስጽፍ መልሷ ገባ። «ነገ ይርቅብኛል» ትላለች።

ነጠላዬን ለብሻለሁ። የጠራሁት ባጃጅ እስኪመጣ ያለውም ጊዜ አስፈራኝ።