ትከሻዬን ያቃናው ፎቶ

ኢባዳን፣ ዲሴምበር 9

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? የሰው አገሩ ብርድስ እንዴት ይዞሻል? የምታስታምሚያቸው አሮጊት አሁንም ሾርባው ጨው በዛበት እያሉ ይቆጡሻል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የአክስቴ የቲቲሎላ ሰርግ ቅዳሜ በሰላም አለፈ። አያቴ እማማ ጉልበቴን እያለች እስከ መጨረሻው ጨፈረች፤ እሁድን ግን ከአልጋዋ ሳትወርድ ዋለች።

ስልክ እያለ በወረቀት የምጽፍልሽ ድምፅሽን ስሰማ ሆዴ ስለሚባባ ነው። የምነግርሽ ነገር አለኝ፤ ሳልጨርሰው ማልቀስ አልፈልግም።

ባለፈው ወር የላክሁልሽ ፎቶ ውሸት ነው። በአረንጓዴው ቀሚስ ቀጥ ብዬ የቆምኩበትን ማለቴ ነው። ያን ቀን ቀሚሱ አልተሰፋም፣ ጨርቁ እንኳ ገና አልተቆረጠም ነበር። ደውለሽ «ተመስገን፣ የልጄ ትከሻ ተቃና!» ብለሽ ስታለቅሺ አፌን ሞልቼ «አዎ» አልኩሽ። እማዬ፣ አልተቃናም። ግራው ያው እንደ ድሮው ዝቅ እንዳለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ሁላችን አንድ ዓይነት የምንለብሰውን የሰርጉን ጨርቅ፣ አሶ-ኤቢውን፣ ለዘመድ ሁሉ ስታከፋፍል ለእኔም አምስት ያርድ ደረሰኝ። ጠርዙ እንደ ማዕበል የተከረከመ፣ አበባው መዳፍ የሚያክል ዳንቴል ነው። ገበያ ላይ አልቋል፤ አንዴ መቀስ ካበላሸው ምትክ የለውም። የፋሲካው ቀሚሴ ምን እንደሆነ ያኔ አልነገርኩሽም። ልብስ ሰፊው ሁለቱን ትከሻዬን እኩል አድርጎ ስለሰፋው አንገቱ በግራ በኩል እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። የአጎቴ ልጅ ዴሶላ ደግሞ «አቢኬ፣ ቀሚስሽ ሊያመልጥሽ ነው፣ ያዢው እንጂ!» እያለች ሰው ስታስቅብኝ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ድግስ በተጠራሁ ቁጥር ራሴን ያመኛል። የቲቲሎላን ሰርግ ግን መቅረት አልፈለግሁም።

ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ከመሄዴ በፊት ሞዴሉን በስልኬ ልየው አልኩ። የራስሽንና የጨርቁን ፎቶ ሰጥተሽ የምትፈልጊውን ስትጽፊለት፣ ለብሰሽው የሚያሳይሽ አፕ አለ። ሰውነት የሚይዝ ካናቴራና ሱሪ ለበስኩ፣ ፀጉሬን ጠቀለልኩ፣ ስልኩን በወገቤ ልክ አስደግፌ በመስኮቱ ብርሃን ፎቶ ተነሳሁ። «አንገቱ ሰፊ፣ ከጉልበት በታች የሚዘረጋ ረጅም ቀሚስ» ብዬ ጻፍኩ። ያወጣልኝን ሳይ ጮህኩ። እንዴት አምሮብኝ መሰለሽ! በዚያችው ደቂቃ ላክሁልሽ።

ከዚህ ሕልሜ የቀሰቀሰችኝ እማማ ናት። ስልኩን ከዓይኗ አርቃ አየችና «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» አለች።

«እኔ ነኛ፣ እማማ!»

«አንቺማ ይኸው እዚህ አለሽ። እኔ ይቺን ድርቅ ያለችዋን ነው የማላውቃት። እሷም ሰርግ ተጠርታለች? ጨርቅስ ተሰጥቷታል?»

ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቄ ጠፋ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። ትከሻዬን አቃንቶ፣ ወገቤን አቅጥኖ፣ መዳፍ የሚያክለውን አበባ ጥፍር አሳክሎታል። በዚህ ፎቶ ከተቆረጠ ጨርቁ የሚሰፋው ለማትኖር ልጅ ነው። እኔም እንደ ፋሲካው አንገቴን ስጎትት ልውል ነው።

በነጋታው ከዜሮ ጀመርኩ። የአበባው መጠን እንዲታወቅ እጄን ጨርቁ ላይ አድርጌ ዳግም ፎቶ አነሳሁት። «ፊቴን፣ ትከሻዬን፣ ወገቤን አትንካ፤ ልብሱን ብቻ ቀይር» ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ነገር አንድ ላይ ካዘዝኩት ትከሻዬን ሰርቆ ያቃናዋል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ አስቀየርኩ፣ በየጊዜውም ከዋናው ፎቶ ጋር አስተያየሁ። ሰፊው አንገት በእውነተኛው ትከሻዬ ላይ ሲመጣ የልብስ ሰፊ ስህተት መሰለ። ያን ጊዜ ነው እልህ የያዘኝ። ካዘነበለ አይቀር ሆን ተብሎ ያዘንብላ! አንገቱ ከቀኝ ትከሻዬ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ግራ እንዲወርድ፣ ማዕበሉ ጠርዝ በላዩ እንዲሄድ፣ በግራ በኩል ብቻ ሰፊ እጅጌ እንዲኖረው አዘዝኩ። እማዬ፣ ራሴን አየሁ። እውነተኛዋን።

ልብስ ሰፊዋ ኢያ ኮላዴ ስልኬን ገና ሲያዩ ፊታቸውን አኮማተሩ። «ኤጭ! ደግሞ ፎቶ? የሰው ገላ ይዛችሁ ትመጡና ስሰፋላችሁ እንደ ፎቶው አልሆነም ትሉኛላችሁ!»

«ገላው የራሴ ነው፣ ኢያ ኮላዴ። ይመልከቱት እስቲ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ፎቶውን አዩ። «እውነትም አንቺው ነሽ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወዲያው፦ «ዚፑስ የታለ?»

ስለ ጀርባው ጨርሶ አላሰብኩም ነበር። ጣታቸውን በአከርካሪዬ ላይ አስኬዱና «ዚፕ እዚህ መሀል ላይ ካደረግሁልሽ እንደ እባብ ይጥመለመላል፤ በጎን ይሁን። ይሄ የሚዘረጋው ታችስ? ስልክሽ ጨርቅ አይለካም እንዴ? አበባውን ወደ አንድ አቅጣጫ እያስኬድኩ ከቆረጥኩ አምስት ያርድ አይበቃሽም» አሉኝ።

እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጬ በስልኬ ታቹን ቀጥ ያለ አደረግሁትና ማዕበሉን ጠርዝ ከእግሬ ላይ አሳረፍኩት። «እሰይ! ልጅቷ ታውቃለች!» አሉ። ግራና ቀኜን ለየብቻ ለኩኝ፤ ከትከሻ እስከ ወገብ ቀኙ በአውራ ጣት ስፋት ይረዝማል። መጀመሪያ በአሮጌ አንሶላ ሰፍተው በስፒል ላዬ ላይ ካስተካከሉ በኋላ ነው ዳንቴሉን የነኩት።

ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ በሙሉ ያንኑ ጨርቅ ለብሷል። እኔ ስገባ ግን የሙሽራው አክስቶች የጆሎፍ ሩዛቸውን ትተው ዞሩ። «ይቺ የማን ልጅ ናት?» ሲሉ እማማ በርቀት ሰምታ «የእኔ ናት! ይቺኛዋን አውቃታለሁ!» ብላ ጮኸች። ቲቲሎላ ከነአክሊሏ ተነስታ መሀል አስገባችኝ። ጨፈርኩ፣ እማዬ! እጄ አንድ ጊዜ እንኳ አንገቴ ላይ አልሄደም። ወደ ማታ ዴሶላ ጠጋ ብላ «ለእኔም በስልክሽ ትሠሪልኛለሽ?» አለችኝ። «ቀሚሴ እንዳያመልጠኝ ልያዘውና እሺ» አልኳት። ራሷም ሳቀች። ከትናንት ጀምሮ ሦስት ሴቶች ኢያ ኮላዴ ዘንድ ሄደው «እንደ አቢኬ ያለ አንገት ስፉልን» ብለዋል።

እዚህ ውስጥ የሰርጉን ፎቶ አድርጌልሻለሁ። ማንም አልነካካውም። የድሮውን ከስልክሽ አጥፊና ይህን ለጓደኞችሽ አሳዪልኝ። ያን ፎቶ ከማየትሽ በፊት ለትከሻዬ ሕክምና ብለሽ የሌሊት ሥራ መጨመርሽን እማማ ነግራኛለች። እማዬ፣ ትከሻዬ ሰርግ ገብቶ ተጨብጭቦለታል። እዚያ የሚያስቀርሽ እሱ ከሆነ፣ ወደ ቤትሽ እንድትመጪ እሱ አሰናብቶሻል።

ታቹ ቀጥ በመሆኑ ጨርቅ ተርፏል፤ ለአንቺ ቡሉዝ ይወጣዋል። ልክሽን ብዬ ፎቶሽን ለኢያ ኮላዴ ባሳያቸው መለሱልኝ። «ፎቶ አልሰፋም። ባለቤቷ ራሷ ትምጣ» ብለዋል።

ጨርቁ ተጣጥፎ ሳጥኔ ውስጥ ይጠብቅሻል። እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ።

ልጅሽ አቢኬ