መካከለኛዋ ፊደል

ጥቅምት 5

ሊፍቱ ከቆመ ሦስተኛ ሳምንቱ። አራት ፎቅ በእግር... ጉልበቴ ነገር ዓለሙን ትቶታል።

ቀፎ ሠራሁ፣ የጋዜጣችንን የቃላት እንቆቅልሽ። ዘጠኝ ዓመት፣ በየቀኑ አንድ። ሁሌም የምነሳው ከረጅሙ ቃል ነው፤ ሰባት የተለያዩ ፊደሎች ያሉበት። ዛሬ «አስተዳዳሪነት»። «ዳ» ሁለቴ ብትመጣም ችግር የለም፣ ፊደል መድገም ይፈቀዳል። አ፣ ስ፣ ተ፣ ዳ፣ ሪ፣ ነ፣ ት... ስድስቱ ዙሪያውን፣ አንዷ መሃል። የመሃሏ የሌለችበት ቃል አይቆጠርም። «ነ»ን መሃል አደረግኩ። ተነዳ፣ አዳነ፣ ተነተነ፣ ትነት ገቡ። «አዳሪ» ወደቀ፣ «ነ» የለውም። «ዳነ»ም ወደቀ፣ ከሦስት ፊደል በታች አንቀበልም።

ልወጣ ስል አለቃዬ ጠራኝ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፣ ግን ጨዋ ነው።

«እትዬ፣ ቅር እንዳይልዎት። ያቺን ጥግ ማስታወቂያ ክፍል ይፈልጋታል። ለመሆኑ የሚሞላው ሰው አለ?»

«አለ» አልኩ።

«እስከ ወሩ መጨረሻ እንያት እስቲ።»

ማን ልለው ነበር? የሚሞላ አንድ ሰው ነበር የማውቀው፣ እሱም የካቲት ላይ ሞተብኝ። ረቂቁን በየጠዋቱ ለባለቤቴ ነበር የምሰጠው። ሻዩን እያቀዘቀዘ በእርሳስ ይሞላልኝና «ይኼ አይሆንም፣ ሴትዮ» ይለኛል። አሁን ማንም ሳያየው ነው የሚሄደው። ቀፎውም ከቀረ ጠዋት ለምን እንደምነሳ አላውቅም። እውነቱ ይኸው ነው።

ጥቅምት 6

ሰባት ፊደል። አራት ፎቅ። ደከመኝ።

ጥቅምት 9

«ተመልካችነት» ላይ ዋልኩ። ተ፣ መ፣ ል፣ ካ፣ ች፣ ነ፣ ት። ጥሩ ቃል ነው። መሃሉን «መ» አደረግኩ፦ ተመካ፣ ተመነ፣ መነነ፣ መልካ፣ መነካት፣ መነካካት፣ መመካት፣ መመልመል፣ መተልተል፣ ተመልካች፣ ከነሙሉው ተመልካችነት። አሥራ አንድ። «አሥር ያገኘ ጎበዝ ነው» ብዬ ከታች ጻፍኩ።

ስድስቱን ዙሪያውን ስሥል ዓይኔ ይከደን ነበር። ለሽቦ ሰጥቼው ወጣሁ። ሽቦ ገጽ የሚያቀናጀው ልጅ ነው፣ ከቅጥነቱ የተነሳ ነው እንዲህ የሚሉት።

ጥቅምት 10

ቀፎው ዛሬ ወጣ። አላየሁትም። ድሮ ጋዜጣውን ከፍቼ የማየው ባለቤቴ እንዲስቅብኝ ነበር...

ጥቅምት 11

ምነው ዛሬን ባልገባሁ።

መልሱ በጠዋቱ እትም ወጥቷል። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ ጀመረ። የመጀመሪያው ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፣ ድምፁ ቁጣ ቁጣ ይላል። «እመቤት፣ መነነ ውስጥ ‹ል› የታለች?»

«‹ል› ምን አገባት?» አልኩት።

«መሃል ያስቀመጥሻት አንቺ አይደለሽ?»

የትናንቱን ጋዜጣ ገለጥኩ። «ል» መሃል ተቀምጣለች። «መ» ዳር። መሃሏ ስትቀየር ቀፎው ሌላ ቀፎ ነው። ከአሥራ አንዱ «ል» ያለባቸውን ቆጠርኩ፦ መልካ፣ መመልመል፣ መተልተል፣ ተመልካች፣ ተመልካችነት። አምስት። አሥር አምጡ ብዬ አምስት ነው ያቀረብኩላቸው።

እስከ ምሳ አሥራ አራት ሰው ደወለ። አንዷ ከመሥሪያ ቤቷ ነው የደወለችው፣ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እናቴ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። በየቀኑ ትሞላዋለች። መርሳት ጀምራለች ተብለን ሐኪም ጋር ከሄድን ወዲህ በሱ ነው ራሷን የምትፈትነው። ትናንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀምጣ አሥር አልሞላ አላት። ‹በቃ፣ ጭንቅላቴ ሄደ› አለችና እርሳሷን ለልጄ ሰጠቻት። ዛሬ መልሱን ባሳያትም አልሰማ አለችኝ፤ ለማጽናናት ነው የመሰላት።»

የእናቷን ስልክ ቁጥር ተቀበልኩ። አልደወልኩም። ፈራሁ።

አለቃዬ መጣ። «ሽቦ ነው አይደል ያበላሸው? የኅትመት ስህተት ብለን እንውጣ።» ሽቦ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳቀረቀረ ነው። «ል»ን በእጄ መሃል ያደረግኩበትን ወረቀት መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦታል፣ አውጥቶ ማሳየት ይችል ነበር። አላወጣውም። ልጁ ዝም አለልኝ... አፈርኩ።

«የእኔ እጅ ነው» አልኩ። «እንደዛው ይጻፍ።»

«ለጥጓ መከራከር ግን ይከብደኛል፣ እትዬ።»

«ይክበድ።»

ጥቅምት 12

እርማቱ ወጣ። «የመሃል ፊደሏን በስህተት ያስቀመጠችው አዘጋጇ ናት።» አራት መስመር።

ከሰዓት በኋላ ለእናትየዋ ደወልኩ። ራሳቸው አነሱት።

«እማማ፣ የጋዜጣው ቀፎ አዘጋጅ ነኝ። ከትናንት ወዲያ የወጣው ጥፋቱ የእኔ ነው። አሥር ቃል የለውም።»

«ልጄ ናት ያስደወለችሽ።»

«ቁጥሩን ሰጠችኝ እንጂ መደወሉስ የራሴ ነው። ‹ል› መሃል ከሆነች እኔ ያለኝ አምስት ቃል ብቻ ነው።»

ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማኝ። አልጣሉትም ማለት ነው።

«ስንት አልሽ?»

«አምስት።»

«እኔ ጋ ስድስት ነው።»

አንድ በአንድ አነበቡልኝ። መልካ። መመልመል። መተልተል። ተመልካች። ሙሉውንም አግኝተውታል። ስድስተኛው «ችካል»።

ችካል። ች፣ ካ፣ ል። «መ» ስለሌለበት እኔ ጭራሽ አልፈለግኩትም። ትናንትም የቆጠርኩት ከራሴ ዝርዝር ላይ ነው።

«ባሌ መሬት ለኪ ነበር» አሉ። «ችካል ስይዝለት ነው ያረጀሁት። እሱን ልረሳ ነው?»

«እማማ፣ ከሠራችው ሴትዮ በልጠዋል እኮ።»

የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፣ ድምፃቸው ግን ደረቅ ነው። «እና ይኼን ነገር ሳይወጣ የሚያይልሽ ሰው የለም?»

«ነበረኝ» አልኩ። ስምንት ወር ሙሉ ለማንም ያላወራሁትን ለማላውቃቸው ሴትዮ ስልክ ላይ አለቀስኩት። አላባበሉኝም። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደውዪ» አሉ። «እርሳሴን ከልጅቷ እቀበላታለሁ።»

ጥቅምት 13

ደወልኩ። አነሱ።

ጥቅምት 30

አለቃዬ ጠራኝ። የአሥራ አራቱን ደዋዮች ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። «ለሌላው ገጽ ተቆጥቶ የደወለልኝ የለም» አለ። ማስታወቂያው ታች ገባ፣ ቀፎው ጠበብ ብሎ ቀረ። ፊደሎቹ በመጠን አንሰዋል፤ ለእማማ በስልክ ስለማነብላቸው አይቸገሩም።

ኅዳር 4

ሊፍቱ ዛሬም ቆሟል። ደክሞኛል፣ አልዋሽም።

ሁለት ሰዓት ላይ ደወልኩ። ገና ደህና አደሩ ሳልል «መጀመሪያ የመሃሏን ንገሪኝ» አሉ። ነገርኳቸው። ከዚያ ስድስቱን። በእርሳስ ሲጽፉ ይሰማኛል፣ ቀስ ብለው ነው የሚጽፉት።

ግማሽ ሰዓት ቆይተው መልሰው ደወሉ።

«ይኼ አይወጣም» አሉ። «ሙሉው ቃል አንድ ፊደል ይጎድለዋል። ከሰባቱ ስድስቱን ብቻ ነው የሚነካው።»

ቆጠርኩ። እውነታቸውን ነው። ቀደድኩትና ሌላ ጀመርኩ።