ለሃያ አምስተኛ ዓመታችን፦ የሚነበበውና የማይነበበው

ቢቸና፣ በሰባሩ ጊዮርጊስ ዕለት

ለውድ ባለቤቴ፣ ለልጆቼ እናት፤

እንደምን ሰንብተሻል? የሞጣ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ወገብሽንስ እንዴት አደረገሽ? ችሎት ላይ ብዙ ስትቀመጪ እንደሚብስብሽ አውቃለሁ። ያችን የሰፋሁልሽን ትራስ ወንበርሽ ላይ አድርገሻት ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ሰው ያየኛል ብለሽ ቤት ትተሻት ከሆነ ግን ተቀይሜሻለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የጓሮው ጌሾ ለምልሟል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎሻል።

ነገ ከተጋባን ሃያ አምስት ዓመት ይሞላናል። ይህን የምጽፍልሽ ረስተሻል ብዬ ሳይሆን እኔ የረሳሁ ሳይመስልሽ እንዳልቀረ ስለገመትኩ ነው። በእናት አባቶቻችን ጊዜ እኮ የጋብቻ ቀን ተብሎ የሚከበር ነገር አልነበረም። ሰው የሚያከብረው ታቦቱን ነው፤ ጋብቻውንማ ይኖረዋል። እኛም ብንሆን ሰባሩ ጊዮርጊስ ሲደርስ ነገ ሰርጋችን ነው ተባብለን ከመሳሳቅ አልፈን አናውቅም። ዘንድሮ ግን ልጆቹ አለቀቁንም።

እፀገነት ከደጀን ደወለችልኝ። ከባንኩ ፈቃድ ወስዳ ቅዳሜ ወንድሟን ይታያልን ይዛ ሞጣ አንቺ ዘንድ እንደምትገባ፣ ፎቷችን ያለበት ኬክ እንደታዘዘ ነገረችኝና የአንተ ድርሻ መልእክቱ ነው አለችኝ። ኬኩ ከመቆረሱ በፊት በእንግዶችሽ ፊት ቆሜ ላነብ ነው እንግዲህ! አጻጻፉንም አስተማረችኝ። መጀመሪያ እንዴት እንደተገናኘን፣ ቀጥሎ ያሳለፍነውን፣ ቀጥሎ ምስጋና፣ ቀጥሎ ለወደፊቱ የምመኘውን፣ መጨረሻ ላይ እወድሻለሁ። ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ፣ ሰው ኬኩን እያየ ይጠብቃል አለች።

ሱሪ በልክ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝና መልእክትም በልክ ይሰፋል ብዬ ጀመርኩት። የመጀመሪያውን ጽፌ ሳነበው ማመልከቻ ሆኗል። ከላይ ያንቺ ማዕረግ፣ ከታች የእኔ አቤቱታ፤ ማኅተም ብቻ ነው የቀረው። ለእፀገነት በስልክ ሳነብላት እየሳቀች ከኢንተርኔት ያገኘችውን ናሙና ላከችልኝ። የልቤ ንግሥት፣ የሕይወቴ ኮከብ ይላል። ንግሥት ብዬ ጠርቼሽ አውቃለሁ? ብጠራሽስ ምን በልቶ ነው ትይኛለሽ። ሦስተኛውን ደግሞ በድምፅ ልቅዳው ብዬ ሱቄ ውስጥ ስናገር ማሽኑን ሳላቆም ኖሯል፤ ቃሉ ሁሉ ከመርፌው ጋር ይንገጫገጫል። አባዬ፣ እማዬን ነው የምታመሰግናት ወይስ ልብስ እየሰፋህላት ነው ብላ ቀለደችብኝ። ሁለቱንም ነው፣ ለእኔ ልዩነት የላቸውም አልኳት።

አስቤ አስቤ የደረስኩበት ይህ ነው። ቅዳሜ የሚነበበው ለእንግዶች ይሁን። ያንቺው ግን ለብቻሽ፣ በራሱ ቀን፣ ኬክ በሌለበት ይድረስሽ። ስለዚህ ልጃችን ያስተማረችኝን ቅደም ተከተል ይዤ እቀጥላለሁ፤ ገጹ ካለፈ ግን አንቺ ዳኛ ነሽና ይቅር በይኝ።

እንዴት እንደተገናኘን ታውቂዋለሽ፤ የአስተማሪነት ቀሚስሽን ልታሳጥሪ መጥተሽ አሳጠርኩና ደግሞ አጠረ ብለሽ ተመለስሽ። የሰርጉን ነገር ግን እኔ ልንገርሽ። የሚዜዎቼን ሁሉ ሙሉ ልብስ ሰፍቼ፣ ያባትሽንም ኮት ጨርሼ፣ የራሴን ለመጨረሻ አቆየሁት። ሙሽራ ሆኜ ስወጣ የግራ እጅጌዬ ገና በነጭ ክር ለጊዜው እንደተያዘ ነበር። አምባቸው፣ ያ ሚዜ ተብዬ፣ አይቶ ዝም ብሎኝ ፎቶ ከተነሳን በኋላ ነው የነገረኝ። ክሩን ልመዝ ስል አንቺ እጄን ያዝሽና ተወው፣ ሌላውን ሁሉ ለብሰህ እኔ ዘንድ ሳትጨርስ መምጣትህ ደስ ብሎኛል አልሽኝ። ያ ኮት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ክሩም እንዳለ አለ። ያን ቀን ምን ዓይነት ሰው እንዳገባሁ ገብቶኛል።

ከዚያ ልጆቹ መጡ፣ ከዚያ አንቺ በየክረምቱ ሕግ ልማር ብለሽ ተነሳሽ። ስንት ሰው ነው ያላገጠብን! አስተማሪነቱ ምን አነሳት፣ ሰፊው ባሏ ልጅ አዝሎ ሊሰፋ ነው ወይ ተባለ። አዝዬ ሰፋኋ! ይታያል በጀርባዬ ተኝቶ ስንቱን ካኪ ዩኒፎርም ጨርሻለሁ። ለፈተና ስትዘጋጂ አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ ማሽኑን እየረገጥኩ መጽሐፉን ገልጬ እጠይቅሻለሁ። የቤተሰብ ሕጉን እኔም በቃሌ የያዝኩት ያኔ ነው። ባልና ሚስት ሊከባበሩ፣ ሊተጋገዙና ሊደጋገፉ ይገባል የሚለው ላይ ስትደርሺ ቀና ብለሽ ታይኝና ይህን ዝለለው፣ አውቀዋለሁ ትይኛለሽ። አብረው ይኖራሉ፣ የሚኖሩበትንም ቦታ በጋራ ይወስናሉ የሚለውንም አልረሳሁትም። እሱን በኋላ አነሳዋለሁ።

አሁን ያልነገርኩሽን አንድ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ጥቅምት ለጨርቅ ሞጣ መጥቼ በጊዜ ተመለስኩ ያልኩሽ ጊዜ፣ ጨርቁን ገዝቼ በቀጥታ አልተመለስኩም። ፍርድ ቤት ገባሁ። ችሎቱ ለሁሉም ክፍት አይደል? መጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ጋቢ ከለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች ኋላ ተቀመጥኩ። ከመቀመጫችሁ ተነሱ ሲባል ከሁሉ ቀድሜ የተነሳሁት እኔ ነኝ። የሰፋሁልሽን ካባ ለብሰሽ ገባሽ። አንዲት ከገጠር የመጣች ሴት ለልጆቿ ቀለብ ጠይቃ ቆማለች፤ የባልየው ጠበቃ በከባድ ቃል ላይ ከባድ ቃል ሲከምር ሴትዮዋ ወደ መሬት ታያለች። አንቺ አስቆምሽውና ለእርሷ በሚገባት ቃል እንደገና ተናገር አልሽው። ደግሞ ሲያከብደው ደግመሽ አስቆምሽው፤ ድምፅሽን ግን ከፍ አላደረግሽም። በመጨረሻ የተናገረው ነገር ባዶ መሆኑ ለእኔም ለሽማግሌዎቹም ገባን። ሴትዮዋ ቀና አለች። ከፊቴ ያሉት አንደኛው ሽማግሌ ለጓደኛቸው ይችን የወለደ ሰው ታድሏል ሲሉ ሰማኋቸው። ያገባትስ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ችሎት መድፈር ይሆንብኛል ብዬ ዋጥኩት።

ስትወጪ ደግሜ ተነሳሁ። በዚህ ዕድሜዬ ለብዙ ሰው ተነስቼ አውቃለሁ፤ ለባለሥልጣን፣ ለካህን፣ ለለቀስተኛ። ለሚስቴ ተነስቼ ስቆም ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ኮራሁብሽ። ሌላ ቃል ፈልጌ አላገኘሁለትም፤ ኮራሁብሽ። የካባሽ የቀኝ ትከሻ ላይ ስፌቱ ትንሽ ተከፍቶ ነበር፤ ከእኔ በቀር ያየው የለም።

ሰሞኑን ጎረቤታችን ይርጋነሽ ከሞጣ ስትመለስ ሱቄ ጎራ ብላ ነበር። በጎ ነገር የነገረችኝ መስሏት ደስ ደስ እያላት፣ ባለቤትህ ወደ ቢቸና ልትዛወር ጠይቃለች፣ ባሌ ብቻውን ሆነ እያለች ታዝናለች አለችኝ። ሃያ አምስተኛ ዓመታችን ላይ ልታበስሪኝ ያሰብሽው ይህን መሆኑ ወዲያው ገባኝ። አንቺ ስጦታ መደበቅ አትችዪም።

ስጦታሽን አልቀበልም። ተቆጥቼ አይደለም፤ መንገዱ ተዘግቶ ስልኩም ጠፍቶ አንድ ወር ሙሉ ሳንተያይ የቀረንበት ጊዜ እንዴት እንደሆንኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ያን ጊዜ የቤቱ ዝምታ አስጠልቶኝ ማሽኑን ባዶውን እረግጠው ነበር። ግን እዚህ ያለው ክፍት ቦታ የቢሮ እንጂ የችሎት እንዳልሆነ አንቺው ራስሽ ባለፈው ነግረሽኛል። ያችን ሴትዮ ቀና ያደረገች ሰው ወረቀት ልታገላብጥ? ለእኔ ወጥ ልትሠሪ? ወጡን እኔም እሠራዋለሁ፤ ካንቺም እንደሚጥም ልጆቹ መስክረዋል። ለእኔ ብለሽ ከዚያ ወንበር ብትወርጂ ልጅ አዝዬ የሰፋሁት ሁሉ ለምን ነበር እላለሁ።

አምባቸው በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ ዘወትር ሚስትህ ፈራጅ፣ አንተ ሰፊ፣ ማን ነው ቤቱን የሚያዝ እያለ ይነዘንዘኛል። ትናንት ሱቄን ስዘጋ አግኝቶኝ ምነው በጊዜ አለኝ። ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ መሳቁን ተወና የማሽኑን ጠረጴዛ ተሸክሞ አወጣልኝ። ቤታችንን ከእንግዲህ የይርጋነሽ ልጅ ታይልናለች፤ ጌሾውንም ታጠጣልናለች።

ቅዳሜ የማነበው አጭር ነው፤ እነሆ አስቀድመሽ ስሚው፦ ሃያ አምስት ዓመት አብሬሽ ስለኖርኩ ማንም ሲነሳልሽ እኔ አልደነቅም፤ ከሁሉ ቀድሜ ተነስቻለሁና። እወድሻለሁ። በቃ። እፀገነት አጠረ ካለች እንደ ቀሚስሽ ላስረዝመው እችላለሁ።

ያ የሕጉ ነገር ቀርቶ ነበር። የሚኖሩበትን ቦታ በጋራ ይወስናሉ ይላል። ብቻዬን ወስኛለሁ እንዳትይኝ፤ የእኔን ድርሻ ነው የተናገርኩት፣ ያንቺው ቀርቷል። የዝውውሩን ነገር ግን ዛሬውኑ እንድትተይው እለምንሻለሁ።

ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ ሰውዬ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ለምሳ እስክትወጪ ይጠብቃል። ማሽኑን ይዞ እንዳይገባ ጥበቃው ከልክሎት ይሆናል፤ አትቆጪው፣ ሥራው ነው። መልስሽን ለሰውዬው በቃል ንገሪው። ከቢቸና በማለዳ የተነሳ ስለሆነ ቁርስም በወጉ አልበላም። ካባሽንም ይዘሽለት ብትወጪ ትከሻዋን እዚያው ይይዛታል።

ቸሩ ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ፍርድሽን ያቅናልሽ፣ ወገብሽን ይማርልሽ። የልጆቻችንን ወግ ማዕረግ አብረን ያሳየን። ጊዮርጊስ በሰላም ያገናኘን።

የዘላለም ባለቤትሽና የካባሽ ሰፊ

በር ላይ ብዙ ባለጉዳይ ስለሚቆም ሰውዬውን እንዳታጪው ምልክት ልስጥሽ፦ አሮጌ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ የግራ እጅጌው ላይ ነጭ ክር አለ።