የሁዳዴ ብርዝ

ሰኞ፣ መጋቢት 9/88፤ ከቀኑ 9፡30
ከቅዳሴ መጣሁ። ሽሮ ሠራሁ፤ ዘይቱ በዛ። ወርቅነሽ ብትኖር ትስቅብኝ ነበር። እሑድ የሰንበቴ ተራችን ነው፤ የእኔና የባለቤቴ። እሷ ካረፈች ወዲህ የመጀመሪያው። ዳቦና ንፍሮ ይኖራል። በጠላ ፈንታ የማር ብርዝ አስቤያለሁ፤ ጨንቻ እህቷ ጓሮ ካሉት ከራሷ ከወርቅነሽ ቀፎዎች። ደስ ይላት ነበር።
የሰንበቴው ሙሴ፣ አለቃችን አቶ ታፈሰ፣ ግን ቤ/ክ በር ላይ ሰምቶ ተቆጣ። ማር የእንስሳ ነው፤ በሁዳዴ ካመጣህ ጽዋችንን እንደፋለን አለ። በሰው ፊት። ቤቴ ገብቼ ነው የተናደድኩት። ይድፉት! አመጣለሁ።

ረቡዕ፣ 11
የወርቅነሽ እህት አየለች ከጨንቻ በአይሱዙ ወረደች። አንድ ቅል ማር፣ ለእኔ ብላ በኮባ የጠቀለለችው ማር ከነሰፈፉ፣ አንድ ትልቅ ቅቤ። ቅቤው ለእሑድ ቡላ ነው አለች። እህቴን በደረቅ ቡላ ልታስባት ነው ወይ? ላም እኮ ሣር እንጂ ሥጋ አትበላም ብላ ተከራከረችኝ። ሣሩ በላሟ ሥጋ ውስጥ አልፎ ነው ወተት የሆነው አልኳት። ቅቤሽ ፋሲካን ይጠብቅ። "አንተ ቄስ ብትሆን አገር በረሃብ ያልቅ ነበር!" ብላ ጥላኝ ወጣች።
ተከራዬ ዳንኤል፣ ከአዲስ አበባ የመጣው የኮሌጅ ተማሪ፣ ሰምቶን ኖሮ ገባበት። ጋሼ፣ የፈረንጅ ዶሮ ያለ አውራ ነው የምትጥለው፤ እንቁላሏ አይፈለፈልም፤ ምኑ ነው ሥጋ? አለኝ። ከዶሮዋ ገላ ወጥቷል፣ በቃ፣ አልኩት። ሳቀ። ታዲያ ንብስ? የአበባውን ወለላ ውጣ፣ በሆዷ ተሸክማ፣ ቀፎ ስትደርስ አይደል የምትተፋው?
ሌላውን በምከለክልበት ሚዛን የራሴን አልመዘንኩም ለካ። እንቅልፍ የለም ዛሬ።

ዓርብ፣ 13
የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ሳይቸኩሉ አስረዱኝ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል ክልክል ነው። ማር በአባቶች ልማድ ከዚያ አይቆጠርም። ንቧ ከአበባ ሰብስባ ታሰናዳዋለች እንጂ እንደ ወተት ከገዛ ሥጋዋ አታፈልቀውም። በሕማማት የሚተዉት አሉ፤ እሱ የራሳቸው ትሩፋት ነው፣ በሌላው ላይ ሕግ አይሆንም። ጠጅ ግን በጾም አይሆንም፤ ጥፋቱ ማሩ ሳይሆን ስካሩ ነው።
ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል ያዙኝ። ብርዙ ለሚስትህ ነው ወይስ ታፈሰን ለመርታት? ለሁለቱም፣ አባ፣ አልኩ። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። በመንገድ ሁሉ ጥያቄው ተከተለኝ።

ቅዳሜ፣ 14፤ ከሰዓት
ማስታወሻዬ፣ ጉድ ሆነ። ኩርፊያዋ ከበረደላት ከአየለች ጋር ጠዋት ብርዙን በርዘን በጋን አስቀመጥን። ከሰዓት ከፍቼ ሳይ ላዩ ላይ ትንንሽ ቢጫ የቅባት ዓይን ይንሳፈፋል። ቅሉን አነሳሁ፣ አሸተትኩ። ቅቤ! አየለች ማሩን የሞላችው በቅቤ ቅሏ ነው። በሙቅ ውሃ አጥቤዋለሁ ትላለች። ቅል ቅባት ይጠጣል እንጂ በውሃ ይለቃል? የጾም ድስት ለብቻው የሚቀመጠው ለምን ሆነና!
ዳንኤል፣ ጋሼ በጨርቅ ያጥልሉት፣ ጠብታ ናት፣ ማን ያያል አለኝ። እኔ አየሁ። ታፈሰ ባያየውም ህሊናዬ ይቅር አይለኝም።
የሰፈሩን ሕፃናት ጠራሁ፤ ሰባት ዓመት ያልሞላቸውን፣ ጾም የማይመለከታቸውን። ጠጥተው ጠጥተው ሆዳቸው ተነፋ። ዳንኤልም ከመሃላቸው ገብቶ በኩባያ ጠጣ። ስንት ዓመትህ ነው ስለው "ዘንድሮ ስድስት ይሞላኛል ጋሼ" አለ። አየለች እያለቀሰች ሳቀች።
በኮባ የመጣው ማር ግን ንጹሕ ነው፤ ቅል አልነካውም። ባልተሠራበት አዲስ እንስራ በረዝነው። ለአንድ ሰው አንድ ጉንጭ ቢደርስ ነው። ይበቃል።

እሑድ፣ 15፤ ከቅዳሴ በፊት
አየለች ለመነችኝ። የቅቤውን ነገር አታውራ፤ አቶ ታፈሰ "አላልኳችሁም!" ይላል፣ ንጹሑንም ያስደፋብሃል። ልክ ናት፣ ማለቱ አይቀርም። ግን እነግረዋለሁ። በሁሉም ፊት፣ ሳልቀዳ፦ የፊተኛው ቅቤ ነክቶት ለልጆች ሰጠሁት፤ ይሄ ንጹሕ ነው፤ የወርቅነሽ ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ጽዋ ለራሱ ለታፈሰ እቀዳለሁ። ከደፋው ለሚቀጥለው። ሁሉም ከደፉ ቁጭ ብዬ ብቻዬን እጠጣለሁ፤ አልነሳም። አባ ለጠየቁኝ መልሱ አሁን ገባኝ። ለመርታት ቢሆን ኖሮ ቅቤውን እደብቅ ነበር።
ደወሉ ተደወለ። እንስራውን እኔው እሸከማለሁ። ወንድ እንስራ አዝሎ ሲያዩ ሰፈሩ ይሳቅ። አየለች በሩ ላይ ቆማ ጀርባህን፣ ተው ትላለች፣ እኔ ግን ብዕሬን አስቀምጬ ልሸከመው ነው።