በርትራም ከማዕድ ስለሸሸባቸው ስልሳ አንድ ጊዜያት ለክብርት ምክትል ፕሬዚዳንት

ለክብርት ወይዘሮ ማርጎ ቴልፎርድ
የቴሌቪዥን ጣቢያችን የመዝናኛ ፕሮግራሞች ምክትል ፕሬዚዳንት
በርባንክ፣ ካሊፎርኒያ

ክብርት ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተረጋጋ መንፈስ፣ ከተቻለም የራስዎን ጣቢያ ካርቱን እያዩ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻው ምኞቴ ባይሳካም ግድ የለም፤ ጤናው ይበቃናል።

ሬሚ ኦካምፖ እባላለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ አሥራ አንድ ወር ሲሆነኝ፣ «ሦስተኛው በር» በተሰኘው የካርቱን ኮሜዲያችን የጸሐፊዎች ክፍል የቀልድ መዝገብ ያዥ ነኝ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንዳሳቀ ከአሥራ አራት ምዕራፍ ውስጥ ፈልጌ አወጣለሁ። የካርቱኑ የመጨረሻ ክፍል ዓርብ ቀትር ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካውም። በአደባባይ የምጽፍልዎ ስድስት ኢሜይሎቼ መልስ ስላጡ ብቻ ነው።

፩. የባለታሪኮቻችን ጎረቤት በርትራም «ውይ፣ ምድጃውን ሳላጠፋ ወጣሁ!» ብሎ የሚሮጥባቸው ቦታዎች ስልሳ አንድ መሆናቸውን ኮምፒውተርዎ ቆጥሮ ስለነገረን እናመሰግናለን። አምስቱ ብቻ ቀርተው ሌላው ከድሮዎቹ ክፍሎች እንዲቆረጥ ማዘዝዎም ደርሶናል፤ ድግግሞሽ አዲስ ተመልካች ያሰለቻል ተብሏል። ኮምፒውተሩ ያልቆጠረውን ልንገርዎት። የመጀመሪያው ቀልድ እንኳ አልነበረም፤ ሰባት ሰው ሲያኝክ መሣል ስለሚከብድ አንዱን ከራት ጠረጴዛው ለማስነሣት የተጻፈ ሰበብ ነው። ሁለተኛው ስንፍና ነበር። በሦስተኛው ተመልካቹ ያዘው። በምዕራፍ አራት የሰፈሩ ልጆች ቀድመውት ይሉታል፤ በስድስት አንዲት ዳኛ ራሷ ብላው ከችሎት ትሮጣለች። ሴኡል ያሉት የካርቱን ሠዓሊዎቻችን ደግሞ ማንም ሳያዝዛቸው ከበርትራም ቤት ፊት የእሳት አደጋ መኪና ማቆም ጀመሩ። ስለ መኪናው አንድም ሰው ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤ የሚያውቅ ያውቃል። ተመልካች ቤተሰብ የሚሆነው እንዲህ ነው።

፪. በርትራም ሁልጊዜ የሚሮጠው ሳህን ሲቀርብለት መሆኑን በስምንተኛው ምዕራፍ ያስተዋለችው ዋና ጸሐፊያችን ፊሊስ ክራንደል ናት። «እናንተ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ አንድ ቀን እንኳ በልቶ አያውቅም» አለች። አንዱ «እኛ ነና ያስራብነው» አለ፤ ማንም አልሳቀም። ከዚያ ምዕራፍ ዘጠኝ መጣ፤ የበርትራምን ወጥ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ አየነው፣ ምድጃ የለም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር ማዕድ መቅረብ ያልቻለ ሰው ነበር። አንድም የድሮ ክፍል ሳንነካ ሠላሳ ስምንቱ የቀድሞ ሳቆች ትርጉማቸው ተለወጠ። እርስዎ የሚያስቆርጡት ድግግሞሹን ሳይሆን ይህን ነው። በካርቱን ማንም አያረጅም፤ በየክፍሉ መጨረሻ የተሰበረው ይጠገናል፣ የተጣላው ይታረቃል፣ ሁሉም እንደነበረው ይሆናል። ጊዜ ማለፉን የሚያስታውስ የሚደጋገመው ቀልድ ብቻ ነው።

፫. በመጨረሻው ክፍል በርትራም ለራት ይጠራል። ሳህኑ ይቀርባል። ሁሉም በሩን ያያሉ፤ እኛም እናያለን። እሱ ግን ወንበሩን ስቦ «ዛሬ አጥፍቼው ነው የመጣሁት» ይላል። ከዚያ አሥራ አንድ ሰከንድ ዝምታ። እርስዎ በታላቅ አሳቢነት ዝምታውን «ሚስቴ ከሞተች ጀምሮ ምድጃው ሰበቤ ነበር፤ አሁን ግን ተፈውሻለሁ» በሚል እንድንሞላው አዝዘዋል። ለተመልካቹ ስላሰቡለት እጅግ እናመሰግናለን፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሳይገባው ሲስቅ የኖረ ምስኪን ነው።

ክብርት ሆይ፣ አሽሙሩ እዚህ ላይ አለቀብኝ። እባክዎን። የበርትራም ድምፅ የሆኑት አቶ ላይል ሃቨርካምፕ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከዚህ በኋላ አይቀዱም። ለመጨረሻ ጊዜ የሚሰሙበት ያ አንድ ዓረፍተ ነገርና ከኋላው ያለው ዝምታ ነው። ሃምሳ ስድስቱን ካጠፉ ዓረፍተ ነገሩ ስለ ወጥ ቤት ዕቃ የተነገረ መረጃ ይሆናል። ለዚህ ሥራ ስል ደመወዛቸው የተሻለ ሁለት ሥራዎች እምቢ ብያለሁ፤ እናቴ «ካርቱን ለማየት ነው እንዴ የተመረቅሽው?» ትለኛለች፤ እኔ ግን ዛሬም የተሻለ ሥራ አለ ብዬ አላምንም። እስከ ዓርብ ቀትር አንድ «ይቅር» የምትል ቃል ትበቃናለች።

የጊዜዎን ውድነት፣ የወንበርዎን ከፍታና የኮምፒውተርዎን ትጋት በማክበር፣ ከእርስዎ ስድስት ፎቅ ዝቅ ብላ የምትጠባበቅ፣
ሬሚ ኦካምፖ

ማስታወሻ፦ አቶ ሃቨርካምፕ ማብራሪያዎን ሊቀዱ ማክሰኞ መጥተው ነበር። ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡና «የኔ ልጅ፣ ይህን የሚለውን ሰውዬ አላውቀውም» ብለውኝ፣ ኮታቸውን ለብሰው ሄዱ። ዓረፍተ ነገሩ ተናጋሪ ስላጣ፣ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እርስዎ ራስዎ ስቱዲዮ ተገኝተው እንዲቀዱልን ማይክሮፎኑን በቁመትዎ ልክ አስተካክለናል።