ለማንም እንዳይነግሩ ያልካቸው ሰው

ውድ አንገት ደፊ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደህንነትህን፣ የአጎትህን ደህንነት፣ የወፍጮ ቤቱንም ደህንነት በወጉ እጠይቅህ ነበር፤ አሁን ግን ደሜ ፈልቷልና ከሰላምታው ቀጥታ ወደ ጠቡ ልግባ።

ይህን ስም ያወጣችልህ የመድረሳችን ጽዳት ሠራተኛ እንደሆነች ታውቃለህ። ሁልጊዜ ከኋላ ረድፍ ስትቀመጥ፣ በር ላይ ሁሉንም አሳልፈህ መጨረሻ ስትገባ አይታ ነው። ስለምትወድህ የተረቱን ግማሽ ብቻ ተናገረች፤ የቀረውን ዋጠችው። እኔ ዛሬ ሙሉውን እልሃለሁ፦ አንገት ደፊ፣ አገር አጥፊ። አገር ባታጠፋም አንድ ሰው ልታጠፋ ምንም አልቀረህም። የማን ነገር እንደሆነ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ መሄድህ እንነጋገር። ለምረቃው ንግግር ሸኻችን ከሁላችንም መርጠው አንተን አቆሙህ። ርዕሱም በእውቀት ፍለጋ ላይ ትሕትናና ኢኽላስ፣ ማለትም ለሰው ብሎ ሳይሆን ለአላህ ብሎ መማር ነበር። ልምምዱ ላይ ምስጋናውንና በነቢዩ ላይ ሶለዋቱን አድርሰህ ስታበቃ፣ «ዓሊም እንዲባል ብቻ የተማረ ሰው፣ ነገ በአላህ ፊት ቆሞ ‹ተብሎልሃል እኮ፣ ዋጋህን ወስደሃል› ሲባል ምን ይመልሳል?» ብለህ ጠየቅክ። ሁለት የማውቃቸው ጨካኝ ሰዎች ሲያለቅሱ በዓይኔ አየሁ። የመድረሳው ኃላፊያችን በስልኩ ቀርጾ ለወላጆች ሁሉ ላከው።

ከዚያስ? ከዚያማ ውዱእ ማድረጊያው ቧንቧ ጋ ቆመህ የራስህን ድምፅ እየደጋገምክ ስትሰማ አገኘሁህ። ደስ ብሎህ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ትከሻህን መታሁህ። በማግስቱ ወደ አጎትህ ወፍጮ ቤት ሄደሃል፤ ስልኬ ላይ ግን እንዲህ የሚል መልእክት አለ፦ «ኒያዬ፣ የውስጥ ሐሳቤ፣ ተበላሽቷል። ስለ ኢኽላስ ተናግሬ ምስጋናው ጣመኝ። እንዲህ ሆኜ የሸኻችንን የምስክር ወረቀት፣ ኢጃዛውን፣ አልቀበልም። ይቅር በሉኝ።»

አንተ ሰው! ምስጋና የማይጥመው ማን አለ? እኔ እናቴ «ጎበዝ» ስትለኝ እስከዛሬ ጆሮዬ ይቀላል። ታዲያ ሲጥምህ አስተግፍረህ፣ ምሕረት ለምነህ፣ ኒያህን አድሰህ ወደ ሥራህ መመለስ ነው እንጂ ሻንጣ ይሸከፋል? የምንማረው ኪታብ ገና ሲከፈት ስለ ኒያ የሚያወራው ለምን ይመስልሃል? ኒያ እንደ ክትባት አንዴ ተወግተኸው የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ በየዓመቱ ከዚያው ገጽ ባልጀመርን ነበር።

መልእክትህን ለሸኻችን አነበብኩላቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እያሹ ሳቁ።

«ራሱን አየ፤ ደነገጠ፤ ራሴን እንዳላይ ብሎ ሄደ። ሲሄድም የሚያየው ያንኑ ራሱን ነው» አሉኝ። ቀጠሉና፣ «ቀደምት ዓሊሞች ሰው አየኝ ብሎ መተውንም ከይዩልኝ ቆጥረውታል። ስትሠራም ስትተውም አዛዡ ሰው ከሆነ ምን ለውጥ አለው?» አሉ። ከዚያ የንግግርህን ጽሑፍ አንስተው እጄ ላይ አኖሩት። «አንተ ታነበዋለህ።»

«እኔ? ሸኽ፣ እኔ እኮ ሰው ፊት ስቆም ቃሉ ሁሉ ይጠፋኛል።»

«እሰይ» አሉ፤ «ቢያንስ አንተን ምስጋናው አያሳስብህም።»

እንግዲህ ያንተን የኢኽላስ ዋጋ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ፣ ምሳ ሰዓቴን ጭምር፣ ያንተን ውብ ውብ ዓረፍተ ነገሮች በመሸምደድ አሳለፍኩ። ይህንም እተውልህ ነበር። ያልተውኩልህ ቀጥሎ ያለውን ነው።

በምረቃው ዕለት ጠዋት ወንበር የጎደለ መስሎኝ ከጫማ መደርደሪያው ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ገባሁ። ልብስ ሰፊው ተቀምጠዋል። እኚያ ከሥራ በኋላ እየመጡ ከእኛ ጋር የሚማሩት፣ የሁላችንንም የምረቃ ካባ የሰፉልን ሰውዬ። ኪታባቸው ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቷል። ሲያዩኝ ደንግጠው ሊዘጉት አሉ።

«ዛሬም ቀረ?» አሉኝ።

«ማን ጋሼ?»

በር በሩን አዩ። «ለማንም እንዳይነግሩ ብሎኛል።»

ያኔ ገባኝ። ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሁልጊዜ የምትጠፋው እዚህ ነበር። እኛ ብቻህን ቁርኣን ታነባለህ ብለን እናማህ ነበር፤ አንተ ለካ ጫማ መሐል ተቀምጠህ እሳቸውን ታስነብባለህ። ማሻአላህ! አላህ ይቀበልህ፣ ግን ደግሞ እንዳንተ የሚያናድድ ሰው አይፍጠርብኝ። በጎ ሥራህን እንደ ነውር ሸሸግክ፤ ደግ። ሸሽገህ ግን ጥለኸው ስትሄድ፣ ሰውዬው ብቻቸውን መቅረታቸውን የሚያውቅ አንድ ፍጡር አልነበረም። ከሄድክ ጀምሮ በየቀኑ መጥተው በር በሩን ሲያዩ ነው የሰነበቱት። «ለምን ለሸኻችን አልነገሩም?» ስላቸው፣ «ቃል አስገብቶኛል፤ የልጁን ኢኽላስ ላበላሽበት?» አሉኝ።

የመጨረሻውን ምዕራፍ በሸኻችን ፊት አላነበቡም። ሥርዓቱን አንተ አታጣውም፤ ኪታቡን ከዳር እስከ ዳር ያላነበበ ኢጃዛ አይፈረምለትም፤ ያመለጠችው አንዲት ገጽ እንኳ ብትሆን ተመልሶ መሙላት አለበት። ሐረካ፣ ማለትም የአናባቢ ምልክት፣ የሌለው ጽሑፍ ደግሞ ለእሳቸው አቀበት ነው፤ የቃሉን መጨረሻ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ያነሱታል። ሸኻችን በእርሳሳቸው ጠረጴዛውን ጠቅ አድርገው ዝም ይላሉ እንጂ ስህተቱን አይነግሩህም፤ ራስህ እስክታገኘው ይጠብቃሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ልብስ ሰፊው ላብ በላብ ይሆናሉ። ተራቸው ሲደርስ «ሥራ በዝቶብኝ አልተዘጋጀሁም» ብለው አለፉት፤ ሁላችንም አመንናቸው፤ የእኛን ካባ እየሰፉ ስለነበር።

«አሰልችቼው ነው የሄደው» አሉኝ። ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ። «አንዷን መስመር መላልሼ እየሳትኩበት። አንድ ቀንም አልተቆጣኝ። ዝም ብሎ ‹እንደገና ጋሼ› ይለኛል። ውስጡ ግን ተቃጥሎ ይሆናል። የዚህ ዕድሜ ጭንቅላት፣ የኔ ልጅ፣ እንኳን ሰው ራሴንም ያሰለቸኛል።»

እየው እንግዲህ! አንተ ስለራስህ ልብ ስትጨነቅ፣ እሳቸው ጥፋቱን ወስደው ራሳቸው ላይ ጫኑት። የራሳቸውን ካባ ሰፍተው፣ ተኩሰው፣ ሱቃቸው ውስጥ ሰቅለው መጥተዋል። ሚስታቸውን «ዛሬ አትምጪ» ብለዋል።

እኔ ላስነብብዎት አልኳቸውና ቁጭ አልን። ሞከርኩ፣ ወላሂ ሞከርኩ። ነገር ግን እኔን ታውቀኛለህ፤ አፌ ዝም ሲል ፊቴ ይናገራል። ሁለተኛዋ መስመር ላይ ቀና ብለው አዩኝና ኪታቡን በቀስታ ከደኑት። «ይበቃኛል የኔ ልጅ፤ አንተም ንግግር አለብህ» አሉኝ። አፈርኩ። ያንተን «እንደገና ጋሼ» ከየት ላምጣው?

በዚህ ሁኔታ ነው መድረክ ላይ የወጣሁት። አመሰገንኩ፣ ሶለዋት አወረድኩ፣ «አማ በዕድ፣ ከዚህ በመቀጠል» ብዬ ያንተን ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ። ሰዎቹ እንደ ልምምዱ ቀን ማልቀስ ጀመሩ። «እውቀት ፈላጊ በጎ ሥራውን እንደ ነውሩ ይሸሽግ» የምትለዋ መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ልብስ ሰፊው ከኋላ፣ ካባ ሳይለብሱ፣ በሥራ ልብሳቸው ተቀምጠዋል። መስመሯን ማንበብ አቃተኝ። እውነት ናት፤ ግን ያን ጊዜ እሳቸው ፊት ማንበብ አቃተኝ።

«ይህን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም» አልኩ። «የጻፈው ከኔ የሚሻል ሰው ነው፤ አሁን ግን ተናድጄበታለሁ።» አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊያችን ሰዓቱን አየ። «ሥራችሁን ሸሽጉ። ግን የምትሸሽጉት ሥራ ውስጥ ሌላ ሰው ካለ፣ ስትሄዱ የሚተካችሁ እንዲኖር ለአንድ ሰው ንገሩ። ትሕትና ማለት ራስን ማሳነስ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሚፈልገን ቦታ ላይ መገኘትም ነው። ኒያችን ባይጠራም ሰውዬው ተቀምጦ እየጠበቀን ነው።» ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ወረድኩ። ያጨበጨበልኝ ጥቂት ሰው ነው፤ ሸኻችን እንዳሉት ምስጋናው አላሳሰበኝም።

ኢጃዛው ሲታደል ሸኻችን ሁለት ወረቀት ሳይፈርሙ ቦርሳቸው ውስጥ አስገቡ። አንደኛው የልብስ ሰፊው ነው፣ ሁለተኛው ያንተ። ያንተም የመጨረሻው ምዕራፍ ይቀርሃል፤ ወይስ ሸሽተህ ስትሄድ ገጾቹም አብረውህ የሄዱ መሰለህ? «ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ሁለቱም አብረው ያንብቡልኝ» አሉ። «አንዱ ሲያነብ ሌላው ይከታተል። ከዚያ በኋላ ለዕረፍት ወደ ልጄ እሄዳለሁ፤ ጤናዬን ታውቃላችሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት ይህን ኪታብ አስተምራለሁ ብዬ ቃል አልገባም።»

ስለዚህ ና። አጎትህን አስፈቅድና ና። ስትመጣ ደስ ሊልህ ይችላል፤ እሳቸውን አስነብበህ ስታስጨርስ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይልሃል፤ ምናልባትም አንዱ ያመሰግንህ ይሆናል፣ አላህ ይጠብቅህ! ጣመኝ ብለህ ደግሞ እንዳትሮጥ። አስተግፍርና ገጹን ግለጥ። ኒያህ እስኪጠራ ቤት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅልህ ሥራ የለም፤ እየሠራህ አጥራው።

ይህን ስጽፍልህ ወደ ሱቃቸው ጎራ ብዬ «ምን ልበልልዎት?» ብያቸው ነበር። የስፌት መኪናቸውን አቁመው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

«ያቺን ሁሌ የምስታትን መስመር ችያታለሁ በለው» አሉ። «የቻልኳት ይመስለኛል። ግን እሱ ‹አዎ ጋሼ› ካላለኝ፣ እኔ በምን አውቃለሁ?»

የወንበርህ ጎረቤት፣
አሁንም የተናደድኩብህ፣ ቅዳሜ በር ላይ ቆሜ የምጠብቅህ።