ወንዟ የምትታዘዝበት ግጥምና የተማሪዬ ዜሮ

ለተከበሩ የፈተናዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ ጠንካራ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ የአማርኛ መምህሩ ደህና ነኝ፤ ካለፈው ማክሰኞ ወዲህ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ ስላቃተኝ፣ ይህን የምጽፈው በመምህራን ክፍል ውስጥ እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ ነውና ለፊደሌ መንጋደድ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ጉዳዬ በዘንድሮው ፈተና «ተፈጥሮን እንዴት ይሥላል?» ተብሎ ስለተጠየቀበት ግጥም ነው፦

ወንዜ ሆይ፣ ዝም ብለሽ ፍሰሺ ከደጄ፣
ታዛዥ ነሽ፣ የዋህ ነሽ፣ ያደግሽ በእጄ፤
ሰው የለም በዳርሽ፣ ጸጥታ ነው ቤቱ፣
ከአጥሬ ማዶ ሆነው ጠረንሽን ያሽቱ።

፩. ጽሕፈት ቤትዎ «ውበትና ሰላም» የሚሉ ሁለት ቃላትን ብቻ ትክክለኛ መልስ በማድረግ የአራሚዎችን ድካም ስላቀለለ ከልብ አመሰግናለሁ። ተማሪዬ ግን ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋ ከሃያ ዜሮ አገኘች።

፪. የጻፈችውም ይህ ነው። ወንዟ በገዛ ፈቃዷ የምታደርገው አንዳች ነገር የለም፤ የምትፈሰው እንኳ ታዝዛ ነው። ወንዝ ግን ከሰው በፊት የነበረ ነገር ነውና በማንም እጅ አያድግም። «ወንዜ»፣ «ደጄ»፣ «እጄ»፣ «አጥሬ» እያለ ተናጋሪው በአራት መስመር አራት ጊዜ ባለቤት ሆኗል። ከሁሉ በላይ «ሰው የለም» ብሎ ሳይጨርስ «ያሽቱ» ይላል፤ ሰው ከሌለ የሚያሸተው ማን ነው? ሰዎቹ ነበሩ፤ ጸጥታው የመጣው እነሱ ከአጥሩ ውጭ ስለቀሩ ነው። የግጥሙ ሰላም የተፈጥሮ ሳይሆን የአጥር ሥራ ነው። ይህን ያስተማርኳት እኔ አይደለሁም፤ እኔ ያስተማርኩት ግስ ከባለቤቱ ጋር ማዛመድን ብቻ ነው። እናቷ በወንዝ ዳር የሰው ልብስ እያጠበች ያሳደገቻት፣ ዳሩ ሲታጠርም ባልዲዋን ይዛ የተመለሰች ሴት ናት።

፫. ቅሬታዋን ለመስማት የክብርት ምክትልዎን ቢሮ ስለከፈቱልንም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ክብርነታቸው የእናቷን ሥራ ጠይቀው ከሰሙ በኋላ «ግጥም እንጂ የእናትሽን ችግር አልጠየቅንሽም» ሲሏት፣ ልጅቷ ስለ እናቷ አንድም ቃል እንዳልጻፈች፣ የቆጠረችው ግሶቹንና ባለቤቶቻቸውን ብቻ እንደሆነ ተናገረች። ወረቀቱን ገልጦ ያየ ግን አልነበረም። ማክሰኞ ዕለት «ቅሬታው መሠረት የለውም» የሚል ማኅተም ያረፈበት መልስ ደረሰን። ለማለፍ አራት ነጥብ ጎደላት። እናቷ ውጤቱን ስትሰማ «ታዲያ ውሸት ጻፍሽ?» ብላ ጠየቀቻት፤ ልጅቷ «አልጻፍኩም» አለች፤ እናቷም «እንግዲያው ደግመሽ ተፈተኝ፣ ያንኑ ጻፊ» አለቻት። ትናንት ለድጋሚ ፈተና ተመዝግባለች።

የማኅተምዎን ክብደትና የአጥሮችዎን ርዝመት ሁሉ የሚያደንቅ፣

ታዛዥነቱ ከወንዟ የማይበልጥ መምህር

ማሳሰቢያ፦ ግጥሙን ሳላብራራ፣ ግሶቹን ከባለቤቶቻቸው ጋር እንዲያዛምዱ ብቻ ነግሬ፣ ለአራቱም ክፍሎቼ ሰጥቼ ነበር። መቶ ስድሳ ሦስት ተማሪዎች «የሚያሸተው ማን ነው?» ብለው ጽፈዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ይፈተናሉና ዜሮ እንዳያልቅብዎ ከወዲሁ ይዘጋጁ።